ቴርሞሜትሩ ለምን ወረደ? ስለ አንድ የእሳተ ገሞራ ንግግር የተነሳ ክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው የአንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት። ልጅቷ ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ አውደ ርዕይ የቤኪንግ ሶዳና የአቼቶ እሳተ ገሞራ ሠርታለች። ተራራው በካርቶንና በጭቃ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ አልቋል። የቀረው የሦስት ደቂቃ ንግግር ነው። እናትየዋ ረቂቁን ሙሉውን ለጠፈችና አንድ ነገር ጠየቀች፤ ዳኞች ስህተት ሊያገኙበት የሚችሉት ቦታ አለ ወይ?

ረቂቁ ለእድሜዋ ጥሩ ነው። የነገሮቹን ስም በትክክል ጠርታለች። ሶዳው ሶዲየም ባይካርቦኔት እንደሆነ፣ አቼቶው ውስጥ ያለው አሲድ አሴቲክ አሲድ እንደሚባል፣ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ጽፋለች። የአረፋውን ዕድሜ ለማርዘም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መጨመሯንም አልደበቀችም። ችግሩ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። እዚያ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጠራል ትላለች። ቀጥላ አረፋውን ገፍቶ የሚያወጣው ያ ሙቀት ነው ትላለች። በመጨረሻም እውነተኛው እሳተ ገሞራም እንዲሁ ነው የሚሠራው ብላ ትዘጋዋለች። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስህተት።

ክሩ 34 መልስ ደርሶ ነው የቆመው። እኔም መሃል ላይ ገብቼበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ማበረታቻ ነበሩ። መልስ 1 ጎበዝ ልጅ ብሎ አለፈ። መልስ 2 ቀመሩን በትልቁ ጽፋ ከተራራው ጎን ብትለጥፈው ዳኞች ይወዳሉ አለና ራሱ ጽፎ ሰጣት፦

```
NaHCO3 + CH3COOH → CH3COONa + H2O + CO2
```

ቀመሩ ትክክል ነው። ግን ይሄ ቀመር ስለ ሙቀት ምንም አይናገርም፤ መልስ 2ም ሦስተኛውን አንቀጽ ልብ አላለውም።

መልስ 3 የጡረታ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። መድረኩ ላይ የቆየ ሁሉ መምህር ነው የሚላቸው። የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጅሽ ቴርሞሜትር ኩባያው ውስጥ ጨምራ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የምታነበውን እንድትጽፍ ንገሪያት አሏት። ስህተት ነው አላሉም፣ ትክክል ነው አላሉም። እኔ ብሆን ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር።

መልስ 4 ሁለት ገጽ ሊጽፍ የማይሰንፍ ሌላ ሰው ነበር። የምህንድስና ተማሪ ነው። በልበ ሙሉነት የጻፈው፣ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሁልጊዜ ሙቀት ይወጣል የሚል ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲደባለቁ ዕቃው እጅ ላይ እንደሚሞቅ በራሱ እጅ ይዞ እንዳየ ጨመረ። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ይወጣል፣ ልጅቷም አንቀጿን አትንካ። ስለ ሁለቱ ኬሚካሎች የተናገረው እውነት ነው። የሳተው እነዚህም እንደዚያ ናቸው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

መልስ 5 ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ይዞ መጣ። እሱም ለልጁ ተራራ ሠርቶ ነበር፣ ግን አልገነፈለም። ወፍራም አረፋ ቀስ ብሎ ተነሳና አፉ ላይ ቆመ። በውሃ ሞክሮትም ትንሽ አረፋ ሠራ። አቼቶው ሀሰተኛ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። ለጊዜው ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 6 ላይ እናትየዋ ተመለሰች። ልክታውን ይዛ ነው የመጣችው። ክፍሉም አቼቶውም 22 ዲግሪ ነበሩ። ግማሽ ኩባያ የማይሞላ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጨመሩ። ቴርሞሜትሩ ወደ 16 ወረደ። ልጅቷ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላ ሌላ አስመጣች። እሱም 16 አለ። አሁን አንቀጹ ምን ሊሆን ነው ብላ ተጨንቃለች፣ ንግግሩን በቃሏ ሸምድዳው ነበር።

ተማሪው መልስ 7 ላይ አቼቶው ከፍሪጅ ወጥቶ መሆን አለበት አለ። እናትየዋ መልስ 8 ላይ፣ ከመጀመራችን በፊት 22 ነበር ብዬ ጽፌያለሁ ብላ በአጭሩ መለሰችለት። ቃናዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፤ እንደ ኩባያው።

መልስ 9 ላይ ልጁ ግማሽ መንገድ ተመለሰ። ይህን ወድጄለታለሁ። እሺ ይቀዘቅዛል፣ ግን ምክንያቱ ጋዙ ነው አለ። የሚረጭ ሽቶ ቆርቆሮ ስንጫነው እጃችን ላይ እንደሚቀዘቅዘው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ሲወጣና ሲሰፋ ቅዝቃዜ ይፈጥራል። ሲሰሙት ያሳምናል። መምህሩም መልስ 10 ላይ ጥሩ ግምት ነው ብለው ነው የጀመሩት። ቀጥለው እንዴት እንደሚፈተን ነገሩት። ያንኑ መጠን ሶዳ ጋዝ የማይወጣበት ነገር ውስጥ፣ በተመሳሳይ መጠን ተራ ውሃ ውስጥ ጨምር። ግምትህ ልክ ከሆነ ውሃው አይቀዘቅዝም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት፣ መልስ 11። ድሮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሠራሁ ጥሩ ሚዛንና ቴርሞሜትር እቤት አለኝ። 7 ግራም ሶዳ መዘንኩ። በ100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ ሳደርገው ከ22 ወደ 17 ወረደ። ሌላ 7 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሬ ሳማስለው ከ22 ወደ 19 ወረደ። ውሃው ውስጥ አረፋ የለም፣ የሚወጣ ጋዝ የለም። ቢሆንም ከጠቅላላው ቅዝቃዜ ከግማሽ በላዩ እዚያው ተገኘ። ሶዳው ሲሟሟ ብቻ ማለት ነው።

መምህሩ መልስ 12 ላይ ምክንያቱን ዘረዘሩ። የሶዳው ደቃቅ ክሪስታል ተጣብቆ የተሠራ ነገር ነው፤ ለመበታተን ጉልበት ይፈልጋል። ያንን ጉልበት ከውሃው ሙቀት ይወስዳል። ውሃው የተበተኑትን ቅንጣቶች ሲከባቸው ጥቂት ይመልሳል፣ ግን የወሰደውን ያህል አይደለም። ስለ ተማሪው ሕግም ተናገሩ። እሱ የሚያውቀው ሙቀት የሚወጣው የአሲዱ ሃይድሮጅን ከቤዙ ሃይድሮክሳይድ ጋር ገጥሞ ውሃ ሲሆን ነው። ሶዳ ውስጥ ግን እንደዚያ የሚጠብቅ ሃይድሮክሳይድ የለም። ባይካርቦኔቱ ሃይድሮጅኑን ተቀብሎ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ያ ደግሞ ወዲያው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይፈርሳል። ፈርሶ ጋዙ ከፈሳሹ ሲለቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የቀረው ሁለት ዲግሪ የዚህ ነው አሉ። ስለዚህ ልጁ ጋዙን መጥቀሱ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ብቻ ትንሹን ድርሻ ትልቁ አድርጎት ነበር።

ልጁ ግን ምስጋና አልታየውም። መልስ 13 ላይ ቃናው ተለወጠ። ሙቀት የሚወስድ ከሆነ ታዲያ ማን ገፍቶት ነው በራሱ የሚሄደው? ነገሮች ጉልበት ወደሚያንስበት ነው የሚወርዱት፤ መምህሩ የሚሉት ድንጋይ ሽቅብ ይንከባለላል እንደማለት ነው አለ። መልስ 14 በትልልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይጻፍም ብሎ ገሠጸው። መምህሩ ግን አልተቀየሙም። መልስ 15 ላይ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ በረዶም ሙቀት እየወሰደ ይቀልጣል፣ ማንም ሳይገፋው አሉ። ሙቀት ብቻ አይደለም የሚወስነው። ጋዙ ነፃ ወጥቶ በአየር ውስጥ ከተበተነ ተሰብስቦ አይመለስም፤ ነገሩን ወደፊት የሚጎትተው ይሄ ነው። ተማሪው መልስ 16 ላይ ኤንትሮፒ ነው የሚሉት ብሎ በአንድ ቃል መለሰ። ይቅርታ ነው ወይስ ብሽቀት፣ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚህ ወዲያ ይህ ለ12 ዓመት ልጅ ይነገር ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። ሁለት ሰዎች ዳኛው ካልጠየቃት አትጥቀሰው አሉ። ሌላዋ ደግሞ የበረዶውን ምሳሌ ማንም ልጅ ይረዳዋል አለች። እኔ ከሦስተኛዋ ጋር ነኝ፣ ግን ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

እኔን ሲያሳስበኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው። እነሱ 16 አገኙ፣ እኔ 17። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ከየት መጣ? መልስ 18 ላይ እናትየዋን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ አረፋው ሲያበቃ ኩባያው ሥር ነጭ ነገር ቀርቷል? አዎ፣ ወፈር ያለ ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል አለች። ልዩነቱ እሱ ነው። የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ወደ 14 ግራም ይጠጋል። የእሷ አቼቶ ጠርሙስ ላይ 5 በመቶ የሚል አለ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ያህል አሲድ አለ ማለት ነው። ለ5 ግራም አሴቲክ አሲድ የሚበቃው 7 ግራም ሶዳ ነው። 60 ግራም አሲድ ከ84 ግራም ሶዳ ጋር አንድ ለአንድ ስለሚገጥም ነው፣ ከዚያ በማካፈል ይገኛል። ስለዚህ ከጨመሩት ሶዳ ግማሹ የሚገጥመው አሲድ አላገኘም። የተወሰነው ሟሟና ውሃውን ይበልጥ አቀዘቀዘው። ቀሪው ሥር ተቀመጠ።

ተጨማሪ ሶዳ ተጨማሪ ፍንዳታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ልጆች ተራራው አልገነፍል ሲላቸው የሚጨምሩት ሶዳ ነው። ኩባያው ሥር ነጭ ነገር ከቀረ ግን ያነሰው አቼቶው ነው። ሁሉም ሟሙቶ ፈሳሹ አሁንም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከሰጠ ደግሞ ሶዳው አንሷል። ለማወቅ ማሽተትና ማየት ይበቃል።

መልስ 19 የዳቦና ኬክ ጋጋሪ ነች። እኛ ሥራ ቤት ሶዳ በማንኪያ አንለካም፣ እንመዝናለን አለች። የሚገጥመው አሲድ ያላገኘ ሶዳ ኬኩን ያቢጨዋል፣ ሳሙና ሳሙና ይለዋል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ ለመልስ 5 መልስ የሰጠችው እሷ ናት። አቼቶህ ደህና ነው፣ የጨመርከው ቤኪንግ ፓውደር ነው አለችው። ፓውደር ውስጥ ሶዳው ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተደባልቆ ነው የሚታሸገው። ለዚህ ነው በውሃ ብቻ አረፋ የሠራው፣ ለዚህም ነው ወፍሮ የቀረው። ሰውየው መልስ 20 ላይ ቆርቆሮውን አንብቦ ተመለሰ። ፓውደር ነበር። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ ብሎ ድጋሚ ጠየቀ። ጋጋሪዋ ዝም አለች። እኔም ብሆን ዝም እላለሁ።

በመሃል መልስ 21 እና 22 ልጅቷ አቼቶ ትበል ወይስ ኮምጣጤ በሚል ተጣሉ። አንዱ መጽሐፍ ላይ ያለው ኮምጣጤ ነው አለ። ሌላው ማን እቤቱ ኮምጣጤ አቀብይኝ ይላል አለ። ልጅቷ በኋላ ሁለቱንም ጠርታለች ተብሏል።

መልስ 23 ክሩን አሻከረው። አንድ ሰው አረፋው ከፍ ብሎ እንዲተኮስ ከፈለጋችሁ ጠርሙሱን በቡሽ ድፈኑት፣ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው አለ። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። መልስ 24 ላይ ሂሳቡን አስቀመጡለት። 100 ሚሊ ሊትር አቼቶና 7 ግራም ሶዳ በክፍል ሙቀት ወደ 2 ሊትር ጋዝ ይሰጣሉ። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ከፊሉ ፈሳሹ ውስጥ ቢሟሟ እንኳ ግፊቱ ከመኪና ጎማ እጥፍ ጋር ይቀራረባል። ቡሹ ከተፈናጠረ ዓይን አለ፣ ካልተፈናጠረ ብርጭቆው አለ። ሰውየው እስካሁን ምንም አልደረሰብኝም አለ። መልስ 25 ላይ ጋጋሪዋ ላልደረሰበት ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው አለችና ነገሩ በዚያው ቆመ።

መልስ 26 አንድ አዛውንት ናቸው። በእሳቸው ዘመን እሳተ ገሞራ ማለት ብርቱካናማ ዱቄት ላይ እሳት መለኮስ ነበር። ዱቄቱ ራሱ እየተቀጣጠለ ፍም ይተፋል፣ አረንጓዴ አመድ እየቆለለ ተራራ ይሠራል። እሱ ነበር እሳተ ገሞራ፣ ይሄ የሳሙና አረፋ ነው አሉ። የሚያወሩት ስለ አሞኒየም ዳይክሮሜት ነው። ትዝታቸው ያምራል፣ ሙቀትም በእርግጥ ይወጣዋል። መምህሩ ግን እኔም አሳይቼዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል አሉ። ውስጡ ያለው ክሮሚየም ካንሰር የሚያመጣ ዓይነት ነው፣ ብናኙን ተማሪዎቹ ሁሉ ይተነፍሱት ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ትተውታል።

የልጅቷ ሦስተኛ ስህተት፣ እውነተኛው እሳተ ገሞራም እንዲሁ ነው የምትለው፣ እስከ መልስ 28 ድረስ ማንም አልነካውም። የነካችው የጂኦሎጂ ተማሪ ናት። ምድር ውስጥ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው አይደለም የሚገነፍለው። ቅልጥ አለቱ ውስጥ ጋዝ ሟሙቶ ይኖራል፣ አብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው። አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙም አረፋ ሆኖ ይወጣና አለቱን ይዞት ይነሳል። ለዚህ የሚቀርበው ተነቅንቆ የተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ነው አለች። ስለዚህ የሶዳው ተራራ ሐሰት ነው፣ ልጅቷም ይህን በግልጽ ማለት አለባት።

መልስ 29 ላይ መምህሩ እዚህ ጋ አልስማማም አሉ። ጋዙ ከየት መጣ የሚለው ይለያያል። ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ አረፋ ሆኖ ፈሳሹን ሽቅብ ያነሳል የሚለው ግን አንድ ነው። ልጅቷ የቱ እንደሚመሳሰልና የቱ እንደማይመሳሰል ለይታ ከተናገረች ሐሰት አይባልም። ተማሪዋ መልስ 30 ላይ መመሳሰሉ ከቀለሙ አያልፍም ብላ ጸናች። እስከ መጨረሻው ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። መልስ 31 እና 32 ወደ አንዷም ወደ ሌላቸውም ሳይሄዱ ተራራው ምን ዓይነት ቀለም ቢቀባ ይሻላል የሚል ወሬ ጀመሩ።

መልስ 33 የእናትየዋ ነው፤ አውደ ርዕዩ ካለፈ በኋላ የተጻፈ። ልጅቷ ሦስተኛውን አንቀጽ ቀድዳ ጥላዋለች። በምትኩ ከተራራው አጠገብ ሁለት ኩባያ አስቀመጠች፤ አንዱ አቼቶ፣ አንዱ ውሃ። ሁለቱም ላይ እኩል 7 ግራም ሶዳ ጨምራ፣ ሁለቱንም ቴርሞሜትር ለታዳሚው አሳየች። የበረዶውንም ምሳሌ አንስታለች። ከዳኞቹ አንዱ አሲድና ቤዝ ሙቀት ነው የሚሰጡት ብሎ ሊያርማት ሞከረ። ልጅቷ አልተከራከረችም። ኩባያውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት፣ እሱም ጣቱን ነከረ። ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ባትሪ የሠራ ልጅ ነው፤ እናትየዋ ይገባዋል ብላለች።

መልስ 34 ያው የፓውደሩ ሰውዬ ነው። ቤኪንግ ፓውደር በውሃ ሲደባለቅ ደግሞ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል ብሎ ጠይቋል። መምህሩ አንድ ሰዓት ቆይተው፣ ቴርሞሜትር አለህ ወይ ብለው ብቻ ጽፈውለታል። እስካሁን አልመለሰም።